ኤቲኤሙ «ገደብ አልፏል» ወይም «ፒን ተሳስቷል» ብሎ ሲከለክል፦ ከመጀመሪያው እንቢታ እስከ መፍትሔው

ለአንድ ባንክ የካርድ ክፍል ስልክ እመልስ በነበረበት ጊዜ የደዋዮቹ የመጀመሪያ ቃል ብዙውን ጊዜ «ማሽኑ ካርዴን ዘጋብኝ» የሚል ነበር። «ማሽኑ ምን ብሎ ጻፈ?» ስላቸው ግን መልስ የላቸውም። ጽሑፉ ለጥቂት ሰከንድ ታይቶ ጠፍቷል፤ እነርሱም ሳያነቡት ካርዱን መልሰው አስገብተው ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ሙከራ አድርገዋል። ጉዳዩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የከለከለዎት የቀን ገደብ ከሆነ መድኃኒቱ ጊዜ ነው። የከለከለዎት የተሳሳተ የሚስጥር ቁጥር ከሆነ ግን ጊዜ እምብዛም አይረዳም፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራም ካርዱን ወደ መዘጋት ያስጠጋዋል።

ከሁለቱም መልእክቶች ጀርባ ያለው ቆጣሪ ነው። አንደኛው ያወጡትን ገንዘብ ይቆጥራል፣ ሌላኛው የሠሩትን ስሕተት ይቆጥራል። ቆጣሪዎቹ የሚቀመጡት እፊትዎ ባለው ማሽን ውስጥ አይደለም። ማሽኑ ጥያቄዎን ወደ ባንክዎ ልኮ መልሱን የሚያነብብ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ተናድደው ወደ ሌላ ማሽን ቢሄዱ ቆጠራው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀምርም።

መጀመሪያ ጽሑፉን ያንብቡ

እንቢታ ሲገጥምዎ ካርዱን ይውሰዱና ከማሽኑ ፊት ሳይርቁ የወጣውን ጽሑፍ፣ ሰዓቱንና የጠየቁትን የገንዘብ መጠን ይያዙ። ደረሰኝ ከወጣ አይጣሉት። አንዳንድ ማሽኖች በደረሰኙ ላይ ባለ ሁለት አኃዝ የምላሽ ቁጥር ያትማሉ። ይህ ቁጥር ባንኮች በካርድ ጉዳይ እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ የመጣ ስለሆነ በአብዛኛው የትም ትርጉሙ አንድ ነው። 55 ማለት የሚስጥር ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ነገር ግን ገና ዕድል አለዎት ማለት ነው። 75 ማለት የተፈቀደው የሙከራ ብዛት አልቋል ማለት ነው። 61 የገንዘብ ገደቡ መታለፉን፣ 65 ደግሞ በቀን ማውጣት የሚችሉበት የጊዜ ብዛት መሙላቱን ይናገራል። 51 ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም ማለት ነው።

ማያ ገጹ በእንግሊዝኛ ከሆነ `Incorrect PIN` እና `PIN tries exceeded` የሚሉትን ሁለት ጽሑፎች አያደባልቁ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው የተዘጋ በር ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ትክክለኛውን ቁጥር ቢያስገቡ እንኳ ተቀባይነት የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል፤ «ቁጥሩ ትዝ ብሎኝ በትክክል አስገባሁት፣ ግን አሁንም እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ ይህም አይደለም ማለት ነው» ብሎ ትክክለኛ ቁጥሩን ራሱን መጠራጠር ይጀምራል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የሚስጥር ቁጥሩን አስገብተው «ገንዘብ ማውጣት»፣ «ቀሪ ሂሳብ» የሚሉ ምርጫዎች ሲመጡልዎ ቁጥሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ብዙ ማሽኖች ቁጥሩን ተቀብለው ዝም ይላሉ፤ ወደ ባንኩ የሚልኩት የገንዘቡን መጠን ከመረጡ በኋላ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አድርገው ነው። ስለዚህ «ምርጫውን አሳይቶኝ ነበር፣ ቁጥሬ ልክ ነው» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው ግን «ገደብ አልፏል» የሚል መልስ ከባንኩ ከመጣ፣ በአብዛኛው የሚስጥር ቁጥሩ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው፤ ባንኩ በተለምዶ ማንነትን አይቶ ነው ወደ ገንዘቡ የሚሄደው።

ጽሑፉ «ግብይቱ አልተሳካም» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ስለ ሚስጥር ቁጥርዎ ደግሞ ጥርጥር ከሌለዎት፣ አንድ ጊዜ ቀሪ ሂሳብ ይጠይቁ። ሂሳቡ ከታየ ካርዱም ቁጥሩም ደኅና ናቸው፤ የከለከለዎት የገንዘብ ገደብ ወይም የማሽኑ የራሱ ችግር ነው። ስለ ቁጥሩ ከተጠራጠሩ ግን ይህንን ፍተሻ ይተዉት፤ ከቀሩት ሙከራዎች አንዱን ይበላብዎታል።

ሁለት ጊዜ ከተሳሳቱ ሦስተኛውን አይሞክሩ

የሙከራው ብዛት በአብዛኛው ሦስት ነው። አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ካርድ የሰረቀ ሰው በሦስት ግምት የማግኘት ዕድሉ ከ10,000 ሦስት ብቻ ነው። ገደብ ባይኖር ኖሮ ቁጭ ብሎ በተራ ይሞክራቸው ነበር።

ስሕተቶቹ የግድ በአንድ ቀን መሠራት የለባቸውም። ትናንት ሁለት ጊዜ ተሳስተው ትተውት ከሄዱና ዛሬ አንድ ጊዜ ከተሳሳቱ ካርዱ ሊዘጋ ይችላል። ቆጣሪውን በየቀኑ የሚያድሱ ባንኮች ቢኖሩም በዚህ አይመኩ። ቆጣሪውን በእርግጠኝነት ወደ መጀመሪያው የሚመልሰው ከመዘጋቱ በፊት የገባ ትክክለኛ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ከሁለተኛው ስሕተት በኋላ ከማሽኑ ይራቁና ለምን እንደተሳሳቱ ያስቡ። በእኔ ልምድ ቁጥሩን ጨርሶ ከረሳው ሰው ይልቅ የሌላ ካርዱን ቁጥር ያስገባው ይበዛ ነበር። ሁለት ካርድ ካለዎት መጀመሪያ የያዙት የትኛውን እንደሆነ ይመልከቱ። ሁለተኛው ምክንያት የጣት ልማድ ነው። ቁጥራቸውን በአኃዝ ሳይሆን በጣት እንቅስቃሴ የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ። በኤቲኤምና በስልክ ላይ በአብዛኛው 1፣ 2 እና 3 ከላይኛው መደዳ ላይ ናቸው፤ በሂሳብ ማሽንና በኮምፒውተር የቁጥር ሰሌዳ ላይ ግን ከላይ ያሉት 7፣ 8 እና 9 ናቸው። ጣትዎ 1 ብሎ የለመደው ቦታ በአንደኛው ሰሌዳ 7 ይሆናል። በአንዳንድ የመክፈያ ማሽኖች ደግሞ ቁጥሮቹ ሆን ተብሎ ይቀያየራሉ። ስልክዎን አውጥተው እንደሚደውሉ አድርገው ጣትዎን በሰሌዳው ላይ፣ ሳይነኩ፣ ያንቀሳቅሱ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

በነገራችን ላይ፣ ቁጥሩን ገልብጦ ከኋላ ወደ ፊት ማስገባት ፖሊስ ይጠራል የሚለው ወሬ ውሸት ነው። የሚያስከትለው አንድ ተጨማሪ ስሕተት ብቻ ነው።

ካርዱ ከተዘጋ እንዴት ይከፈታል

በካርዱ ጀርባ ላይ ወደ ታተመው ስልክ ይደውሉ ወይም ወደ ባንክዎ ቅርንጫፍ መታወቂያ ይዘው ይሂዱ። በኢንተርኔት ፈልገው ያገኙትን ወይም አጠገብዎ የቆመ ሰው የሰጠዎትን ቁጥር አይጠቀሙ። ባንኩ ማንነትዎን ለማጣራት ሙሉ ስምዎን፣ የሂሳብ ቁጥርዎን፣ ምናልባትም የመጨረሻ ግብይትዎን ይጠይቅዎታል። የሚስጥር ቁጥርዎን ግን አይጠይቅዎትም። ባንኩ ቁጥሩን የሚያመሳክረው ሠራተኛ ሊያየው በማይችል የተጠበቀ መሣሪያ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ «የድሮ ቁጥሬን ንገሩኝ» ቢሉም የሚነግርዎ አያገኙም።

እዚህ ላይ ምን እንደሚጠይቁ ለይተው ይወቁ፤ ምክንያቱም «ክፈቱልኝ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ቁጥርዎን የሚያውቁትና በቸልታ የተሳሳቱ ከሆነ የሚያስፈልግዎት ቆጣሪው ወደ ዜሮ እንዲመለስ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከረሱት ግን ቆጣሪው ቢመለስ የሚያገኙት ሦስት አዲስ ግምት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ይደውላሉ። በዚያን ጊዜ የሚጠየቀው አዲስ የሚስጥር ቁጥር ነው። ይህንን ባለመለየት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ የደወሉልኝ ሰዎች ነበሩ።

ከተከፈተልዎ በኋላ መጀመሪያ የሚጠቀሙት በራሱ በባንክዎ ኤቲኤም ይሁን፤ ቀሪ ሂሳብ መጠየቅ ይበቃል። ምክንያቱ ካርዱ ላይ ያለችው ወርቃማ ወይም ብርማ ቺፕ ናት። ቺፗም የራሷ የስሕተት ቆጣሪ አላት። አንዳንድ የመክፈያ ማሽኖች የሚስጥር ቁጥሩን ለባንኩ ሳይልኩ ቺፗን ራሷን ጠይቀው ያረጋግጣሉ። በሱቅ ማሽን ሦስት ጊዜ ተሳስተው ከሆነ የተቆለፈችው ቺፗ ልትሆን ትችላለች፤ ባንኩ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቆጣሪ ቢያድስም ትእዛዙ ወደ ቺፗ የሚደርሰው ካርዱ ማሽን ውስጥ ገብቶ ከባንኩ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ካርዱ ከኤቲኤም ገንዘብ ያወጣል፣ ሱቅ ውስጥ ግን ፒን ተቆልፏል ይላል። ይህ ከገጠመዎ ለባንኩ «ቺፑ ላይ ያለው ቆጣሪ አልታደሰም» ብለው ይንገሩ። መልእክቱ ቶሎ ወደሚገባው ሰው ይደርሳል።

ማሽኑ ካርዱን ከዋጠው ከቦታው ሳይርቁ ወዲያው ይደውሉ። በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ያንብቡላቸው፣ ካርዱም እንዲታገድ ይጠይቁ። «እኔ ላውጣልህ፣ ቁጥርህን አንድ ጊዜ ድገመው» የሚል በጎ አድራጊ ከመጣ በትሕትና ያሰናብቱት። አንዳንዴ ካርዱን የያዘው ማሽኑ ሳይሆን እርሱ በካርድ ማስገቢያው ውስጥ የሰካው ነገር ነው።

ካርዱ ከኪስዎ ሳይወጣ «የተሳሳተ የሚስጥር ቁጥር ገብቷል» የሚል መልእክት ቢደርስዎ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሌላ ሰው እየሞከረ ነው ማለት ነው፤ መጠየቅ ያለብዎት መክፈት ሳይሆን ካርዱ ተሰርዞ አዲስ እንዲሰጥዎ ነው። በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ማስፈንጠሪያ አይጫኑ፤ ራሱ መልእክቱ ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

በስልክ ላይ፦ የትኛው ፒን ነው የተዘጋው?

በሞባይል ገንዘብ ላይ ትልቁ ስሕተት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን እንደ አንድ ማየት ነው። አንደኛው የሲም ካርዱ ፒን ነው፤ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ የሚጠየቀው። ሌላኛው የገንዘብ ሂሳቡ ፒን ነው፤ ሲልኩና ሲያወጡ የሚጠየቀው። አከፋፈታቸው ፈጽሞ አይገናኝም።

የሲም ፒን ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ስልኩ ፒዩኬ የሚባል ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ይህ ቁጥር ሲሙ ተገንጥሎ የወጣበት ትልቁ ካርድ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ከሌለ የስልክ ድርጅቱ ማንነትዎን አይቶ ይሰጥዎታል። ፒዩኬን በግምት አይሞክሩ። አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ለዘለቄታው ይሞታል፤ ቁጥርዎን በአዲስ ሲም ማስተካት ይኖርብዎታል። ገንዘብዎ ግን በሲሙ ውስጥ ስላልሆነ አብሮ አይጠፋም።

የገንዘብ ሂሳቡ ፒን ከተዘጋ ግን ፒዩኬ ምንም አይጠቅምም፤ ሲሙን አውጥቶ መልሶ ማስገባትም፣ ስልኩን መቀየርም እንዲሁ። ቆጣሪው ያለው በአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ላይ ነው። በአገልግሎቱ ምርጫዎች ውስጥ «ፒን ረስቻለሁ» የሚል ካለ በዚያ ይሂዱ፤ ካልሆነ በይፋዊው የደንበኞች ስልክ ወይም በአገልግሎት ማእከል መታወቂያ ይዘው ያስከፍቱ። ብዙ ሰው ፒኑን ለወኪሉ ነግሮ «አንተው አስተካክልልኝ» ይላል። ይህንን አያድርጉ፤ ወኪሉ ማመልከቻዎን ሊቀበል ይችል ይሆናል እንጂ ለዚህ ሥራ ፒንዎ አያስፈልገውም። ሂሳብዎ በተዘጋ በደቂቃዎች ውስጥ ሳይጠይቁት ደውሎ «ልከፍትልዎ ነው፣ የደረሰዎትን የአንድ ጊዜ ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚልዎም የዘጋብዎት ሰው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ገደቡ ከሆነ፦ የአንዲት ደዋይ ሂሳብ

አንዲት ደዋይ በጣም ተቆጥተው ነበር። በካርዳቸው በቀን ማውጣት የሚችሉት 10,000 ነው። ጠዋት 4,000 አወጡ። ቀትር ላይ ከሌላ ባንክ ማሽን 3,000 ጠየቁ፤ ማሽኑ ኖት ሲቆጥር ተሰማቸው፣ በመጨረሻ ግን ምንም ሳይሰጥ «ግብይቱ አልተሳካም» አለ። ማታ 5,000 ሲጠይቁ «የቀን ገደብዎን አልፈዋል» ተባሉ። «እጄ የገባው 4,000 ነው፤ 6,000 ይቀረኛል» አሉኝ፤ በእጃቸው ሲቆጥሩ ልክ ነበሩ።

የባንኩ ቆጣሪ ግን የሚቆጥረው እጅ ላይ የገባውን ሳይሆን የተፈቀደውን ነው። ባንኩ ቀትር ላይ 3,000ውን ፈቅዷል፤ ኖቱን መስጠት ያቃተው ማሽኑ ነው። ማሽኑ «አልሰጠሁም፣ ይመለስ» የሚለውን መልእክት እስኪልክና እስኪመዘገብ ድረስ በቆጣሪው ላይ 7,000 ተጽፏል። የቀረው 3,000 ብቻ ስለሆነ 5,000 አላለፈም። «3,000 ይሞክሩ» አልኳቸው፤ ወጣ። የቀትሩ 3,000 ከሂሳባቸው ተቀንሶ ስለነበር ማሽኑን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ጠቅሰው አቤቱታ አስመዘገቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ፤ ገንዘቡ ወደ ሂሳብ ቢመለስም በአንዳንድ ሥርዓት የዚያ ቀን ገደብ አብሮ አይመለስም። ለተጨማሪ የሚያስፈልጋቸውን 2,000 በሱቅ ማሽን በካርድ ከፈሉ፤ የግዢ ገደብ በአብዛኛው ከጥሬ ገንዘብ ገደብ ተለይቶ ነው የሚቆጠረው።

እርስዎም እንዲህ ሲገጥምዎ የዕለቱን ወጪ፣ ያልተሳካውንም ጨምረው፣ ይደምሩና ከገደቡ ይቀንሱ። ከቀረው ያልበለጠ መጠን አንድ ጊዜ ይጠይቁ። መጠኑን በዘፈቀደ እየቀነሱ ደጋግመው ትንሽ ትንሽ ማውጣት ግን ሌላውን ገደብ፣ የጊዜ ብዛቱን፣ ሊሞላብዎ ይችላል።

ማሽኑም የራሱ ገደብ አለው። በብዙ ማሽኖች በአንድ ጊዜ የሚወጣው 40 ኖት ገደማ ነው። ትልልቆቹ ኖቶች አልቀው ትንንሾቹ ብቻ ከቀሩ ጠዋት የሰጠዎትን መጠን ማታ ሊከለክልዎ ይችላል። ግማሹን ሲጠይቁ ከወጣና ቀሪውንም ወዲያው ከሰጠዎት፣ ገደቡ የማሽኑ እንጂ የካርድዎ አልነበረም።

«ቀን» የሚባለውም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አንዳንድ ባንክ ቆጣሪውን እኩለ ሌሊት ላይ ያድሳል፤ ያ እኩለ ሌሊት ደግሞ በባንኩ ሰዓት ነው፣ በሌላ አገር ቢሆኑም። ሌላው ወደ ኋላ 24 ሰዓት ይቆጥራል፤ ትናንት ማታ ያወጡት ዛሬ ማታ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ ይያዝብዎታል። ሌሊቱን ጠብቀው ጠዋት ላይ አሁንም ገደብ አልፏል ከተባሉ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ወደ ባንኩ ሲደውሉ በቀጥታ «ገደቡ በእኩለ ሌሊት ይታደሳል ወይስ 24 ሰዓት ይቆጥራል?» ብለው ይጠይቁ።

በሞባይል ገንዘብ ላይ ገደቦቹ ይደራረባሉ። በአንድ ጊዜ፣ በቀን፣ አንዳንዴም በወር የሚላክ መጠን አለ፤ በሂሳቡ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ከፍተኛ መጠንም አለ። ይህ የመጨረሻው ላኪውን ያደናግራል። እርስዎ ዛሬ ምንም ሳይልኩ «ገደብ አልፏል» ከተባሉ፣ የሞላው የተቀባዩ ሂሳብ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ገንዘብ ወደ ሌላ ሰው ይላኩ፤ እርሱ ካለፈ የመጀመሪያው ተቀባይ ከሂሳቡ ጥቂት እንዲያወጣ ወይም በሌላ መንገድ እንዲቀበል ይንገሩት። የተመዘገቡት በስልክ ቁጥርና በስም ብቻ ከሆነ ደግሞ ገደብዎ ዝቅተኛ የሚሆነው በዚያ ምክንያት ነው። መታወቂያ አቅርበው ምዝገባውን ሲያሟሉ በአብዛኛው ከፍ ይላል።

ለአንድ ትልቅ ክፍያ ብቻ ገደቡን ማለፍ ከፈለጉ ወደ ቅርንጫፍ ገብተው በመስኮት ማውጣት ወይም ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ማዛወር ይቀላል። ገደቡን በስልክ ወይም በባንኩ መተግበሪያ ማሳደግ የሚቻል ከሆነ እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይጠይቁ። ቀን ካልተቆረጠለት ከክፍያው በኋላ ራስዎ ወደ ነበረበት ያስመልሱት፤ ካርዱ ነገ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ሊወጣ የሚችለው ያ ከፍ ያደረጉት መጠን ነውና።